ምዕራፍ ሰባት፦ ዝምታውን መቁጠር

ገርጂ ውስጥ ካለ የመኪና መለዋወጫ ሱቅ ባንኮኒ ጀርባ ቁጭ ብላችኋል እንበል። ከቦሌ የሚነሳው አውሮፕላን ድምፅ በየመሃሉ ይሰማል። እጁ በግሪስ የተለወሰ የጋራዥ ልጅ ከደጅ ሆኖ ይጠይቃል።

«ጋሼ፣ የአባዱላ ሞተሪኖ አለ?»

«አልቋል ልጄ። ባለፈው ሳምንት ነው ያለቀው።»

ልጁ «እሺ» ብሎ ወደሚቀጥለው ሱቅ ያልፋል። ባለ ሱቁም ወደ ሻዩ ይመለሳል። ደብተሩ ላይ ምንም አልተጻፈም። ምክንያቱም የተሸጠ ነገር የለም።

የዚህ ሱቅ ባለቤት የዘይት ፊልትሮ ስንት እንደሚያስፈልገው ጠንቅቆ ያውቃል። ፊልትሮ በየቀኑ ይሸጣል፤ ያለፈውን ወር አይቶ የሚመጣውን ቢገምት ብዙም አይሳሳትም። ሞተሪኖ ግን እንደዚያ አይደለም። ሁለት ወር፣ ሦስት ወር ጠያቂ ሳይመጣ ይከርማል። ከዚያ አንዱ መጥቶ አንድ ይወስዳል። አንድ ቀን ደግሞ ሌላው መጥቶ አምስቱንም ጠራርጎ ይሄዳል። ባለ ሱቁን እንቅልፍ የሚነሳው የፊልትሮው ሳይሆን የዚህ ዓይነቱ ዕቃ ነው። ገንዘቡን መደርደሪያ ላይ ይዞ የሚቀመጠውም እሱ ነው።

ከሱቁ ብዙም ሳይርቅ፣ ከአየር ማረፊያው አጥር ወዲያ ባለው የኢትዮጵያ አየር መንገድ የጥገና ማዕከል ውስጥም ይኸው ጥያቄ አለ። አየር መንገዱ የመጀመሪያውን በረራ ወደ ካይሮ ያደረገው እ.ኤ.አ. በ1946 ነው፤ በአፍሪካ የመጀመሪያ የሆነውን ቦይንግ 787 ደግሞ በ2012 ተረከበ። አንድ አውሮፕላን እጅግ ብዙ ዓይነት ክፍሎች አሉት፤ ከእነዚህ ውስጥ አብዛኞቹ በየወሩ አይጠየቁም። አንዳንዱ ቫልቭ ለዓመት ማንም አይነካውም። በተጠየቀበት ሰዓት ከጠፋ ግን አውሮፕላኑ ተሳፋሪውን ይዞ መነሳት አይችልም። በአቪዬሽን ቋንቋ «ኤኦጂ» ይሉታል፤ መሬት የያዘ አውሮፕላን ማለት ነው። የገርጂው ባለ ሱቅ «አልቋል» ሲል የሚያጣው የአንድ ሞተሪኖ ትርፍ ነው፤ በአጥሩ ወዲያ «አልቋል» የሚለው ቃል በረራ ያስቀራል። የጥያቄው ባሕርይ ግን አንድ ነው፦ አልፎ አልፎ ብቻ፣ ያውም በመጠኑ እየተለያየ የሚመጣን ፍላጎት እንዴት እንተንብይ?

ነገሩን በቁጥር እንየው። የሚከተለው ደብተር እኔ ለማሳያ ያዘጋጀሁት ነው፤ የማንም ሰው ሱቅ አይደለም። ሁለት ዓመት፣ ከመስከረም 2015 እስከ ነሐሴ 2016 ዓ.ም.፣ በድምሩ 24 ወር ነው። ጳጉሜን ከነሐሴ ጋር ደምሬያታለሁ። ይህን የምለው በምክንያት ነው፤ ጳጉሜን ራሷን እንደቻለች ወር ከያዝናት አምስት ወይም ስድስት ቀን ብቻ ያላት ወር በየዓመቱ «ዜሮ» እያስመዘገበች ሒሳባችንን ታበላሻለች።

በእነዚህ 24 ወራት ሞተሪኖ የተሸጠው በስድስቱ ብቻ ነው። በኅዳር 2015 ሁለት፣ በጥር አንድ፣ በሐምሌ አምስት ተሸጠ። በ2016 ደግሞ በጥቅምት አንድ፣ በግንቦት አንድ፣ በነሐሴ ሁለት። ድምሩ 12 ነው። በቀሩት 18 ወራት ደብተሩ ባዶ ነው።

ብዙ ነጋዴ የሚያደርገው ያለፉትን ሦስት ወራት አይቶ ማዘዝ ነው። ለፊልትሮ ይህ ጥሩ ዘዴ ነው። እዚህ ግን ምን እንደሚሆን ተመልከቱ። ሐምሌ 2015 ላይ አምስቱ ተሸጡ፤ መደርደሪያው ባዶ ሆነ፤ ባለ ሱቁ ሊያዝዝ ተቀመጠ። ያለፉት ሦስት ወራት ድምር አምስት ነው፤ ለወር ሲካፈል 1.67 ይሆናል። ዕቃው ከዱባይ ተጭኖ፣ ጅቡቲ ወርዶ፣ ገርጂ እስኪደርስ ሦስት ወር ይፈጃል እንበል። ትእዛዝ የሚሰጠው በወር አንዴ ስለሆነ የሚሸፍነው ጊዜ አራት ወር ነው። 1.67 በአራት ሲባዛ ወደ ሰባት ይጠጋል። ሰባት አዘዘ። ከዚያ በኋላ ባሉት 13 ወራት ውስጥ የተሸጠው አራት ብቻ ነው።

በተቃራኒው ደግሞ ከጥር እስከ ሚያዝያ 2016 ባለው ጊዜ ያለፉት ሦስት ወራት ድምር ዜሮ ነው። ሒሳቡ «ይህ ዕቃ ሞቷል፤ አትዘዝ» ይለዋል። ወዲያው በግንቦት ጠያቂ መጣ።

ስሕተቱ እንዲሁ በአጋጣሚ የመጣ አይደለም፤ መነሻ አለው። ባለ ሱቁ ለማዘዝ የሚነሳሳው ዕቃው በተሸጠ ማግስት ነው። አማካዩ ደግሞ ከፍ ብሎ የሚታየው ልክ በዚያው ማግስት ነው። ስለዚህ ሁልጊዜ ትንበያው በተጋነነበት ሰዓት ያዝዛል፤ በዝምታው ወራት ደግሞ ትንበያው ያለ አግባብ ይወርዳል። ይህን በሒሳብ አጥርቶ ያሳየው ክሮስተን የተባለ እንግሊዛዊ ተመራማሪ ነው፤ ጽሑፉ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1972 ነው። ያቀረበው መፍትሔ ለመረዳት የሚከብድ አይደለም። ሁለት ነገር ቀላቅለህ አታማክል አለ። «ሲመጣ ስንት ይወስዳል?» የሚለው አንድ ጥያቄ ነው፤ «በስንት ጊዜው ይመጣል?» የሚለው ሌላ ጥያቄ ነው። ሁለቱን ለየብቻ ያዝ፤ በመጨረሻ የመጀመሪያውን ለሁለተኛው አካፍል።

በደብተራችን ላይ እንሞክረው። የመጀመሪያው ሽያጭ በሦስተኛው ወር ሁለት ነበር፤ ስለዚህ መጠኑን 2፣ ክፍተቱን 3 ብለን እንነሳለን። ከዚያ ሽያጭ በመጣ ቁጥር የቀድሞውን ግምት ወደ አዲሱ ቁጥር በጥቂቱ፣ የልዩነቱን አንድ አምስተኛ ያህል፣ እንጎትተዋለን። በጥር አንድ ብቻ ተሸጠ፤ የመጠኑ ግምት ከ2 ወደ 1.8 ወረደ። የመጣው ከሁለት ወር በኋላ ስለሆነ ክፍተቱም ከ3 ወደ 2.8 ወረደ። በሐምሌ አምስት ተሸጠ፤ መጠኑ ወደ 2.44 ወጣ። ስድስት ወር ጠብቆ ስለመጣ ክፍተቱም ወደ 3.44 ረዘመ። 2.44 ለ3.44 ሲካፈል 0.71 ይሆናል። የሦስት ወሩ አማካይ 1.67 ብሎ ባጋነነበት ዕለት ይህኛው 0.71 አለ። ለአራት ወር ወደ ሦስት ሞተሪኖ ማለት ነው። ባዶ ወራት ሲመጡ ደግሞ ግምቱ አይነካም፤ ወደ ዜሮ አይወርድም። የሚለወጠው ሽያጭ ሲመጣ ብቻ ነው። ሁለቱ ዓመት ሲያልቅ መጠኑ 1.94፣ ክፍተቱ 3.87፣ የወሩ ግምት 0.5 ሆነ። በእርግጥም በ24 ወር 12 ተሸጧል።

ክሮስተን ግን አንዲት ነገር አምልጣዋለች። ለክፍተት አካፍሎ የሚገኝ ቁጥር በአማካይ ወደ ላይ ያዘነብላል። ለምሳሌ ክፍተቱ አንዴ ሁለት፣ አንዴ ስድስት ወር ቢሆን አማካዩ አራት ነው፤ አንድ ለአራት ሲካፈል 0.25 ይሆናል። ለየብቻ አካፍለን ብናማክል ግን ግማሽና አንድ ስድስተኛ ተደምረው ለሁለት ሲካፈሉ 0.33 ይወጣል። ሲንቴቶስና ቦይላን የተባሉ ተመራማሪዎች ይህን እ.ኤ.አ. በ2001 አሳዩ፤ በ2005 ደግሞ ማረሚያውን በሰፊው ፈተሹት። ማረሚያው የመጎተቻውን ቁጥር ግማሽ ከአንድ መቀነስ ነው። የእኛ መጎተቻ 0.2 ስለሆነ በ0.9 እናባዛለን፤ 0.5 የነበረው 0.45 ይሆናል። ልዩነቱ ለአንድ ሞተሪኖ ትንሽ ይመስላል፤ ብዙ ሺህ ዓይነት ዕቃ ላለው መጋዘን ግን አንድ አሥረኛ ሲጋነን ብዙ ገንዘብ ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ያቆማል። «የወሩ ግምት 0.45 ነው፤ ለአራት ወር ሁለት ሞተሪኖ ይበቃል» ብሎ ደብተሩን ይዘጋል። እኔ የዚህ ምዕራፍ ዋና ነገር ከዚህ በኋላ ያለው ነው ብዬ አምናለሁ። ግማሽ ሞተሪኖ የሚገዛ ደንበኛ የለም። አማካዩ የሚነግረን ለረጅም ጊዜ የሚሆነውን እንጂ በሚመጣው አራት ወር የሚሆነውን አይደለም። መጠየቅ ያለብን «ስንት ብይዝ፣ ዕቃው እስኪመጣ ያለውን ጊዜ ደንበኛ ሳልመልስ የማሳልፍበት ዕድል ስንት ነው?» ብለን ነው።

ከደብተራችን እንነሳ። ሽያጭ የሚመጣው ከአራት ወር በአንዱ ነው። ሲመጣ በግማሹ ጊዜ አንድ፣ በአንድ ሦስተኛው ሁለት፣ በአንድ ስድስተኛው አምስት ይወሰዳል። አራት ወራትን በእነዚህ ዕድሎች አጣምረን ብናሰላ እንዲህ ይወጣል። ሁለት የያዘ ሰው ከመቶ በ72ቱ ጠያቂውን ሁሉ ያስተናግዳል። ሦስት የያዘ በ80፣ አራት የያዘ በ83፣ አምስት የያዘ በ91። እስቲ ሦስትና አራትን አወዳድሩ። አራተኛው ሞተሪኖ የጨመረው ሦስት ተኩል ብቻ ነው፤ አምስተኛው ግን ስምንት ጨመረ። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ትልቁ ደንበኛ የሚመጣው አምስት ፈልጎ ነው፤ አራት ይዞ የሚጠብቀው ሱቅ እሱን አያጠግበውም። ስለዚህ ገንዘብ ካጠረ ሦስት መያዝ፣ ከተገኘ አምስት መያዝ ነው። በመሃሉ ያለው አራት ገንዘብ ያስራል እንጂ ብዙ አይጠቅምም።

የተለመደው የፖይሰን ሒሳብ ይህን አያይም። ፖይሰን እያንዳንዱ ሞተሪኖ ተለይቶ በየራሱ ጊዜ የሚጠየቅ አድርጎ ይወስዳል። በአራት ወር አማካዩ ሁለት ከሆነ «አራት ያዝ፤ ከመቶ በ95ቱ ይበቃሃል» ይላል። እውነተኛው 83 ነው። በፖይሰን የተሠራ መጋዘን ወረቀቱ ላይ አስተማማኝ መስሎ ደንበኛውን ደጋግሞ «የለም» እያለ ሲመልስ የምናየው በዚህ ምክንያት ነው። ምልክቱም ይኸው ነው፦ የታሰበው ጉድለት ከመቶ አምስት ሆኖ የሚታየው ግን አሥራ አምስትና ሃያ ከሆነ፣ ፍላጎቱ በነጠላ ሳይሆን በጥቅል እየመጣ ነው ማለት ነው።

ይህ ሁሉ በስድስት ሽያጮች ላይ የቆመ መሆኑን አልደብቅም። አምስቱን የወሰደው አንድ ሰው ነው፤ አንዴ ብቻ። ስለዚህ ከማንኛውም ቀመር በፊት የሚሻለው ያ ሰው ማን እንደሆነ ማወቅ ነው። ስምንት አባዱላ ያለው የትራንስፖርት ባለንብረት ሆኖ መኪኖቹን በየክረምቱ መግቢያ አንድ ላይ የሚያስጠግን ከሆነ፣ ያ አምስት የሚተነበይ ነገር አይደለም፤ ስልክ ደውሎ የሚጠየቅ ነገር ነው። «ዘንድሮስ መቼ ነው የምታስገቧቸው?» ማለት ብቻ ነው። እሱ ከደብተሩ ሲወጣ የቀረው ፍላጎት አንድና ሁለት እየሆነ የሚመጣ ገር ፍላጎት ይሆናል፤ መደርደሪያ ላይ የሚቀመጠውም ያንሳል።

በአውሮፕላን ጥገናም መጀመሪያ የሚለየው ይኸው ነው። አውሮፕላን በበረራ ሰዓቱና በዕድሜው ተቆጥሮ ለከባድ ምርመራ የሚገባበት ጊዜ አስቀድሞ ይታወቃል። በዚያ ምርመራ የግድ የሚቀየሩት ዕቃዎች ከዕቅዱ ይሰላሉ፤ አይተነበዩም። መተንበይ ያለበት ሳይታሰብ የሚሰበረው ነው። ሁለቱ በአንድ ደብተር ሲቀላቀሉ፣ በዕቅድ የወጡት ዕቃዎች እንደ ድንገተኛ ጉብታ ሆነው ይታያሉ፤ መጋዘኑም ለሌለ ስጋት ዕቃ ያከማቻል።

አሁን ወደ አንድ ወጥመድ ልውሰዳችሁ፤ ተምረው የመጡ ሰዎችም ይወድቁበታል። የትኛው ትንበያ ጥሩ እንደሆነ ለመለየት የተለመደው መንገድ በየወሩ ግምቱ ከተሸጠው ምን ያህል እንደራቀ ቆጥሮ ማማከል ነው። በደብተራችን ላይ በየወሩ 0.5 ብለን ብንተነብይ፣ የ24 ወሩ ስሕተት ተደምሮ 18 ይመጣል። በየወሩ «ዜሮ ይሸጣል» ብለን ብንተነብይስ? ስሕተቱ 12 ብቻ ይሆናል። በዚህ ሚዛን አሸናፊው ምንም አትያዝ የሚለው ነው! ትንበያን በዚህ ሚዛን ብቻ የሚመርጥ ሶፍትዌር መደርደሪያን ባዶ ሊያደርግ ይችላል። ስሕተቱን ለሽያጩ አካፍሎ በመቶኛ መግለጽም አይሠራም፤ በባዶ ወር ለዜሮ ማካፈል ይሆናል። ለዚህ ዓይነት ዕቃ ትክክለኛው ሚዛን መደርደሪያው ራሱ ነው። ያለፈውን ደብተር እንደገና ወር በወር እያለፉ፣ በዚህ ዘዴ ቢታዘዝ ኖሮ ስንት ደንበኛ ይመለስ ነበር፣ በአማካይ ስንት ዕቃ ይቀመጥ ነበር ብሎ መቁጠር ነው። ሁለት ቁጥር ይበቃል።

የክሮስተን ዘዴ ሌላም ደካማ ጎን አለው፤ ጥንካሬው ራሱ ድክመት የሚሆንበት ቦታ ነው። በዝምታ ጊዜ ግምቱን አይነካም ብለናል። ዝምታው ዕቃው ስለሞተ ከሆነስ? የኢትዮጵያ አየር መንገድ ለአገር ውስጥ በረራ ፎከር 50 ያበር ነበር፤ እ.ኤ.አ. ከ2010 ጀምሮ ኪው400 እየገባ ተካው። አንድ የአውሮፕላን ዓይነት ከአገልግሎት ሲወጣ የእሱ ብቻ የሆነ መለዋወጫ ጠያቂ ያጣል። ክሮስተን ግን አዲስ ሽያጭ ካልመጣ ግምቱን ስለማይለውጥ፣ ከአሥር ዓመት በኋላም «በወር ግማሽ» ማለቱን ይቀጥላል። እ.ኤ.አ. በ2011 ቲዩንተር፣ ሲንቴቶስና ባባይ ያቀረቡት ማሻሻያ ይህን ያርማል። ክፍተቱን በመቁጠር ፈንታ በየወሩ «የሚሸጥበት ዕድል» የሚለውን ቁጥር ይይዛል፤ ባዶ ወር ባለፈ ቁጥር ያ ዕድል በጥቂቱ ይቀንሳል። የእኛ ሞተሪኖ ዕድል 0.25 ነው። በየባዶው ወር አንድ አሥረኛው ቢቀነስ፣ ከአንድ ዓመት ሙሉ ዝምታ በኋላ ወደ 0.07 ይወርዳል፤ የወሩ ግምትም ከግማሽ ወደ 0.14 ይሆናል። ሦስት ወር ዝም ሲባል አይደነግጥም፤ ዓመት ዝም ሲባል ግን ይሰማል።

የገርጂው ባለ ሱቅ ይህን ሁሉ በእጁ ማስላት ይችላል። ኮምፒውተር ያለው በኤክሴል፣ የሌለው በካልኩሌተር። ሽያጭ በመጣ ቁጥር ሁለት ቁጥር ማደስ ነው። የሚያስቸግረው ከውጭ ያለው ነገር ነው። ሦስት ወር ያልነው የመምጫ ጊዜ ስድስት ወር ሊሆን ይችላል። ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪውን ለገበያ ከመልቀቁ በፊት አስመጪዎች ለዶላር ብቻ ብዙ ወራት ወረፋ ይይዙ ነበር። የመምጫው ጊዜ ሲረዝም፣ የሚሸፈነው ወር ይበዛል፤ ከላይ ያየናቸው 72ና 91 ሁሉ እንደገና ይሰላሉ። ለዚህም ነው ከሽያጩ ደብተር ጎን፣ እያንዳንዱ ትእዛዝ ከተሰጠበት ቀን ሱቅ እስከገባበት ቀን ስንት ቀን እንደወሰደ የሚያሳይ መዝገብ የሚያስፈልገው።

እንግዲህ ወደ ጋራዡ ልጅ እንመለስ። ሞተሪኖ ጠይቆ አጥቶ ሄደ። ደብተሩ ያንን ወር «ዜሮ» ብሎ መዝግቦታል። ዜሮ አልነበረም፤ አንድ ሰው መጥቶ ነበር። ዕቃ ያለቀበት ወር ሁሉ ደብተሩ ላይ ፍላጎት የሌለበት ወር ይመስላል፤ ግምቱ ይወርዳል፤ ግምቱ ሲወርድ ትንሽ ይታዘዛል፤ ትንሽ ሲታዘዝ ቶሎ ያልቃል፤ እንደገና ዜሮ ይመዘገባል። ክሮስተንም ሆነ ከእሱ በኋላ የመጡት ሁሉ ይህንን ከደብተሩ ሊያወጡት አይችሉም፤ ያልተጻፈ ነገር አይሰላምና። ስለዚህ ሱቅም ሆነ መጋዘን ያላችሁ ሁሉ፣ ከዛሬ ጀምራችሁ ደብተራችሁ ላይ አንድ ዓምድ ጨምሩ። «የለም» ባላችሁ ቁጥር ቀኑን፣ የዕቃውን ዓይነትና ስንት እንደተፈለገ ጻፉ፤ ልጁ ደጃፉን ሳይሻገር።